ላይ ስንት? ታች ስንት?

እህቶቼ፣ ከመካከላችን አገር ቤት ግድግዳ የማታስቆም ስንት አለች? አንዷ ለእናቷ ሁለት ክፍል፣ አንዷ ለራሷ መመለሻ፣ አንዷ ደግሞ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት። ብሩን እንልካለን፣ ፎቶ ይላክልናል፣ ማታ ሥራ ስንጨርስ ፎቶውን እያጎላን እናያለን። ፎቶ ላይ ደግሞ ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ የግድግዳ ቀጥ ማለት በምን እንደሚታወቅ ነው። እኔ ግንበኛ አይደለሁም። ወደ ዐረብ አገር ከመምጣቴ በፊት ግን ደሴ ላይ ሁለት ዓመት ያህል በቀን ሥራ ኖሬያለሁ። ቡኮ አቡክቻለሁ፣ በባሬላ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፣ ብሎኬት አቀብያለሁ። የቀን ሠራተኛ ሴት ሳይት ላይ ማንም ልብ አይላትም። ስለዚህ ብዙ ታያለች፣ ብዙም ትሰማለች። ይህን ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛና ከረዳታቸው ነው ያየሁት።

ሽማግሌውን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው መወጣጫው ላይ ብዙም አይወጡም። ብሎኬቱን የሚደረድረው ከወረኢሉ የመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ረዳታቸው ነበር። እሳቸው ሥር ሆነው ያዩታል፣ ይነግሩታል። መዶሻቸውንም፣ ማንኪያቸውንም፣ ሜትራቸውንም ሰጥተውታል። ቱንቢያቸውን ግን አይሰጡም። በአሮጌ ካልሲ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል፤ ሲያስፈልግ ያወጡታል፣ ሲጨርሱ ጠርገው ይመልሱታል። ልጁ በዚህ ይስቅ ነበር። «ጋሼ፣ ወርቅ ነው እንዴ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «ወርቅ ቢሆንማ እሸጠው ነበር» ይሉታል።

ቱንቢን ያላያችሁት ካላችሁ ልንገራችሁ። ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ክብና ከባድ ብረት ነው፣ የቡና ሲኒ የምታህል። ሁለተኛው ሲባጎ ነው፤ ብረቱ በእሱ ይንጠለጠላል። ሦስተኛው መሐሉ የተበሳ ቁራጭ ብረት ነው፤ ሲባጎው በቀዳዳው ውስጥ ያልፋል፣ ቁራጩ ወደ ላይም ወደ ታችም ይንሸራተታል። ምስጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የቁራጩ ስፋትና የክቡ ብረት ውፍረት እኩል ናቸው። ቁራጩን ከግድግዳው አናት አስጠግታችሁ ስትይዙት ብረቱ ታች ይንጠለጠላል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ብረቱ ግድግዳውን ነካ ሊያደርግ ትንሽ ሲቀረው፣ ወይም በስሱ ሲነካው ይቆማል። በብረቱና በግድግዳው መካከል ክፍተት ከታየ የግድግዳው አናት ወደ ውጭ፣ ወደ እናንተ ወጥቷል ማለት ነው። ብረቱ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሲባጎው ከተንጋደደ ደግሞ አናቱ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ያን ጊዜ ብረቱ ነካ ብቻ እስኪያደርግ ድረስ ቁራጩን ከላይ ታርቁታላችሁ፤ ከላይ የታየው ክፍተት የጥመቱ ልክ ነው።

ይኼው ነው። ባትሪ የለው፣ ቁጥር የለው። የሚሠራው ከባድ ነገር ወደ መሬት ስለሚሳብ ብቻ ነው። መሬቱ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ ብረቱ አይገደውም፤ ወደ ታች ያለው አንድ መንገድ ነው።

ቤቱ የሚሠራው ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነበር። ባለቤቷ ኩዌት የምትሠራ ሴት ናት። ወንድሟ ሥራውን ይቆጣጠራል፣ ብሩ በእሱ በኩል ይመጣል። ከቦታው ጎን አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት አለ፤ ዕድሜው ብዛት ያለው፣ ወደ ቁልቁለቱ ዘመም ያለ። የመብራት እንጨቱም እንደዚያው ዘሟል። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዱ ሰፈር ቀጥ ያለ ነገር ፈልገሽ አታገኚም።

ግንብ የሚጀመረው ከማዕዘን ነው። መጀመሪያ በማዕዘኑ በኩል ጥቂት ረድፍ ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያ በሁለቱ ማዕዘን መካከል ሲባጎ ይወጠርና መሐሉ በሲባጎው ልክ ይሞላል። ስለዚህ ማዕዘኑ ከተሳሳተ ግድግዳው በሙሉ ስህተቱን ይከተላል። በዚያ ላይ ማዕዘን ሁለት ፊት አለው፤ ቱንቢው በሁለቱም ፊት መንጠልጠል አለበት። በአንዱ ቀጥ ብሎ በሌላው ሊዘም ይችላላ።

የዚያን ቀን ልጁ የቁልቁለቱን ማዕዘን ያዘ። ጋሼ እስከ ሦስተኛው ረድፍ አብረውት ነበሩ፣ በየረድፉ ቱንቢ አስጣሉ። ከምሳ በኋላ ሲሚንቶ ሊያዩ ከወንድምየው ጋር ወደ ሱቅ ሄዱ። ቱንቢውን ከነካልሲው ለልጁ ትተውለት ነው የሄዱት፤ ሲተዉለት ያየሁት ያኔ ነው። «በየረድፉ» አሉት፣ «ሁለቱንም ፊት።»

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ልጁ አራተኛውን ረድፍ ደርድሮ ቱንቢውን ጣለ። ብረቱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አልቆም አለ። ጠበቀ፣ ትንሽ ቆም ሲል ክፍተት አየበት። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ግድግዳውን በዓይኑ ለካ። ከጎረቤቱ ቤትም ከመብራት እንጨቱም ጋር አስተያየው። ከዚያ ቱንቢውን ጠቅልሎ ካልሲው ውስጥ ከተተው። «ነፋሱ ነው የሚያጣምመው» አለኝና ቀጠለ። እጁ ፈጣን ነው፣ እኔና ጓደኛዬ ብሎኬት ማቀበል አቃተን። ጋሼ ሲመለሱ ሰባተኛውን ረድፍ ጨርሶ ነበር።

ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ካልሲውን ተቀበሉት። ሦስት ብሎኬት ደራርበው ቆሙበትና ቁራጩን ከሰባተኛው ረድፍ አናት አስጠጉ። ብረቱ ከሥር የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ከግድግዳው ርቆ ቆመ። ሁለት ሳንቲም። ወደ ቁልቁለቱ።

«ዘሟል» አሉ።

ልጁ አልተቀበለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ግድግዳውን ሳየው ቀጥ ያለ ነበር የመሰለኝ። «ጋሼ፣ እስቲ በዓይንዎ ይዩት፤ ወረቀት ነው የሚመስለው። ነፋስ ነው ያራቀው። ወይ ደግሞ ቱንቢው ራሱ አርጅቷል» አላቸው።

ሌላ ግንበኛ ቢሆን ይጮህበት ነበር። ስንቱን ሲሳደብ ሰምቻለሁ! ጋሼ ግን ብሎኬት ላይ ቁጭ አሉና «እሺ፣ ቱንቢውን እንፈትነው» አሉ። ይህን ሲሉ ገረመኝ። ለካ መሣሪያን ማመን ማለት ዓይን ጨፍኖ መቀበል አይደለም፤ በምን በምን ሊሳሳት እንደሚችል አውቆ አንድ በአንድ ማጥራት ነው።

መጀመሪያ ቁራጩን አገላበጡት። ቱንቢ ከሚዋሽባቸው መንገዶች ዋናው ይህ ነው አሉ፤ ጠርዙ ላይ የደረቀ ቡኮ ከተጣበቀ ቁራጩ ይሰፋል፣ ሲባጎው ከግድግዳው ይርቃል፣ ደህናው ግድግዳ ዘመመ ይባላል። በካልሲ የሚጠቀልሉትም ለዚህ ነበር። በጥፍራቸው ጠረጉት፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ክቡን ብረትና ቁራጩን ጎን ለጎን አጋጥመው ስፋታቸውን ለልጁ አሳዩት። እኩል ነው። ቀጥሎ ሲባጎውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱ፤ ቋጠሮ የለበትም። ከግድግዳው የፈሰሰ ቡኮ መሐል ላይ ሲባጎውን ገፍቶት እንደሆነም አዩ። ከብሎኬቱ መጋጠሚያ የወጣች አንዲት ጉብታ አገኙና በማንኪያ ፋቋት። እንደገና ጣሉት። ያው ሁለት ሳንቲም።

«ነፋሱስ?» አለ ልጁ።

«ነፋሱማ እውነትህን ነው» አሉት። «ነፋስ ብረቱን ያወዛውዘዋል። ግን የሚወዛወዝ ነገር ወዲህም ወዲያም ይሄዳል እንጂ አንድ ወገን ሄዶ አይቀርም። መሐሉን ማየት ነው። እሱም ካስቸገረህ ውሃ አለልህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ያችን የቀለም ጣሳ ውሃ ሙያት» አሉኝ።

የሠሩት ነገር እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። ቱንቢውን ትተው ከመሬት አንድ ድንጋይ አነሱ። ከግንብ ሲባጎ ላይ ቆርጠው ድንጋዩን አሰሩት። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ከሰባተኛው ረድፍ ላይ ወደ ውጭ ብቅ እንዲል አጋደሙት፣ በላዩ ብሎኬት ጫኑበት፣ ሲባጎውን ከጫፉ አንጠለጠሉ። ድንጋዩ ጣሳው ውስጥ ገባ፤ የጣሳውን ግድግዳም ሆነ ታቹን እንዳይነካ አስተካከሉት። ውሃው ድንጋዩን ያዘው። ነፋሱ እየነፈሰ ሲባጎው ፀጥ አለ። ከዚያ ሜትራቸውን ለልጁ ሰጡት። «ከሲባጎው እስከ ግድግዳው ላይ ስንት ነው?» አሉት። ለካ። «አሥራ አምስት።» «ታችስ፣ ከጣሳው ከፍ ብሎ?» ተንበርክኮ ለካ። ዝም አለ። እንደገና ለካ።

«አሥራ ሰባት» አለ።

በቱንቢውም ሁለት፣ በድንጋዩም ሁለት። መሣሪያ ተቀይሮ፣ አካሄድ ተቀይሮ፣ ቁጥሩ አልተቀየረም። እንግዲህ ድንጋዩም አርጅቷል አይባልም!

ልጁ ግን አሁንም ግድግዳውን በዓይኑ እያየ «ታዲያ ለምን አይታየኝም?» አለ። ይሄ ጥያቄው ከልቡ ነበር፤ ጋሼም ደስ ያላቸው መሰለኝ። የኔን ነጠላና የጓደኛዬን ነጠላ ተቀበሉን። አንዱን በእንጨት ወጥረው የጎረቤቱን ዘማማ ቤት እንድንከልል እኔን አቆሙኝ፣ በሌላው ጓደኛዬ የመብራት እንጨቱን ከለለች። ልጁን ከሲባጎው ፊት ለፊት አቆሙትና «አሁን ሲባጎውንና ግድግዳውን ብቻ እይ» አሉት።

ያን ጊዜ ታየው። ከፊቱ ገባኝ። ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም፤ አብሮት ይታይ የነበረው ጠማማ ነገር ነው የተከለለው። ዓይን ቀጥን ብቻውን አያውቅም፣ ከጎኑ ካለው ጋር ነው የሚያስተያየው። ቤቱም ዘሟል፣ እንጨቱም ዘሟል፣ መሬቱም ተዳፋት ነው፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር አብሮ የዘመመ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይመስላል። በእውነት ቀጥ ያለው ሲቆም ደግሞ ወደ ዳገቱ የዘመመ ይመስላል። ልጁ አራተኛው ረድፍ ላይ ቱንቢው ክፍተት ሲያሳየው ያላመነው ለዚህ ነው። ዓይኑ ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፤ ምስክሮቹ ጠማሞች ነበሩ።

ቀጥሎ ከየት እንደጀመረ ፈለጉ። ቱንቢውን ከሦስተኛው ረድፍ አናት ጣሉት፤ ነካ አድርጎ ቆመ፣ ደህና ነው። ከአራተኛው ጣሉት፤ ግማሽ ሳንቲም። ከአምስተኛው አንድ፣ ከስድስተኛው አንድ ተኩል፣ ከሰባተኛው ሁለት። በየረድፉ ግማሽ ግማሽ እየጨመረ ሄዷል። ጋሼ መሬት ላይ በእንጨት እየጫሩ አሰሉለት። ብሎኬቱ ሃያ ሳንቲም ቁመት አለው፣ ከሥሩ አንድ ሳንቲም ያህል ቡኮ። ሦስት ሜትር ለመድረስ አሥራ አራት ረድፍ ያስፈልጋል። ከሦስተኛው በኋላ አሥራ አንድ ረድፍ በየግማሽ ሳንቲሙ ሲዘም አምስት ሳንቲም ተኩል ይሆናል። የግድግዳው ውፍረት ደግሞ ሃያ ብቻ ነው። ከሩብ በላዩ ከሥሩ ወጥቶ አየር ላይ ይቆማል፣ ጣሪያውም እዚያ ላይ ሊያርፍ ነው።

ይህን ጊዜ ወንድምየው ደረሰ። ምን እንደሆነ ሰማና «ጋሼ፣ ሁለት ሳንቲም እኮ ናት! ልስን ይሸፍናታል። ሲሚንቶ ስንት እንደገባ ያውቁታል» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። እህቱ የምትልከው በወር በወር ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ መመታት አለበት።

ጋሼ የመለሱለትን ልብ በሉልኝ፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንታለላለንና። ልስን በደህናው ጊዜ ሁለት ሳንቲም ያህል ነው የሚመረገው። ግድግዳው አምስት ሳንቲም ከዘመመ አንዱ ጫፍ ላይ ሁለት፣ ሌላው ጫፍ ላይ ሰባት ሳንቲም መምረግ ሊያስፈልግ ነው። ወፍራም ልስን በአንዴ ሲመታ በክብደቱ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሎ አድሮ በቁና በቁና ይወርዳል። ልስን ሳይሸፈን ቢቀር ደግሞ በር ይናገራል። ዘማማ ግድግዳ ላይ የገባ በር ስትከፍቺው አይቆምም፤ ወይ ራሱ ይዘጋል ወይ ራሱ እየተከፈተ ግድግዳ ይመታል። ሰው ጂን ገባበት ይላል፤ ጂን ሳይሆን መቃኑ ነው የዘመመው።

ልጁ መሐል ገባና «እንግዲያው ከዚህ በላይ ያለውን ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ እየመለስኩ ላቃናው» አለ። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። ጋሼ ግን ሲባጎውን በሁለት እጃቸው ወጥረው መሐሉን በአፋቸው ገፋ አደረጉት። «ይኼን ነው የምትሠራልኝ?» አሉት። ቀስት።

ይህንን በኋላ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው የበለጠ የተረዳሁት። የማሠራበት ቤት ልጆች ስለ ፒሳ ግንብ ሲያጠኑ ቴሌቪዥን ላይ አየሁ። ጣሊያን አገር ያለው ያ ዘማማ ግንብ በ1173 በአውሮፓ አቆጣጠር ተጀመረ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ሥሩ ያለው ለስላሳ አፈር በአንድ ወገን ሰመጠና ዘመመ። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጡት ግንበኞች አላፈረሱትም፤ የላዩን ፎቆች በዘመመበት በኩል ከፍ እያደረጉ ሊመልሱት ሞከሩ። ግንቡ ግን አልቀናም። ዛሬ ዘማማ ብቻ ሳይሆን በመጠኑም የጎበጠ ነው፣ እንደ ሙዝ። ልጁ ያለው መፍትሔ ያው ነበር። የታችኛው ጥመት እዚያው ይቀራል፣ በላዩ ሌላ ጥመት ይጨመርበታል።

ቀረው መንገድ ማፍረስ ነው። እዚህም ላይ ጊዜ ነበረው። ብሎኬት ቡኮው ሳይጠነክር በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ ተደርጎ ይስተካከላል። ቡኮው መያዝ ከጀመረ ግን መነካካት አይገባም፤ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ተላቆ ቀርቷል፣ ስንጥቁ ዓይን አይገባም። ልጁ ሰባተኛውን ረድፍ በመዶሻ ሊገፋ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። «ተላቅቆ ከሚቆም ወርዶ ይተኛ» አሉት። በሌላ በኩል ደግሞ እስከ ነገ ቢቆይ ቡኮው ይደርቃል፣ ሲያነሱት ብሎኬቱ ይሰበራል። ዛሬውኑ ከሆነ ብሎኬቱ በደህና ይነሳል፣ ቡኮው በማንኪያ ይፋቃል፣ ብሎኬቱ ተመልሶ ይገነባል። የሚጠፋው ቡኮው ብቻ ነው።

ወንድምየው «ሲሚንቶው በማን ነው?» አለ።

«በእኔ» አሉ ጋሼ። «ከቀን ሒሳቤ ይነሳ። ለእህትህ ግን ትነግራታለህ።»

«ምን ብዬ ነው የምነግራት? ለምን እናስጨንቃታለን?»

«ዘሞ ነበር፣ አፈረስነው በላት። የእሷ ዓይን እዚህ የለም፤ ይቺ ክር ናት ዓይኗ። ክሯ ያየችውን ባለቤቷ ካልሰማች ምን ዋጋ አላት?»

እስኪመሽ ድረስ አፈረስን። ልጁ ከላይ እያነሳ ያቀብለናል፣ እኛ እንፍቃለን። ከሰባተኛው እስከ አራተኛው፣ ሃያ የሚሆን ብሎኬት ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቱንቢው ደህና ነው ያለውን ማፍረስ አያስፈልግም። በማግስቱ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ልጁ የተቀመጠውን ረድፍ ውሃ አጠጣና እንደገና ጀመረ። ጋሼ ከሥር ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ቱንቢውን በጠዋቱ ሰጥተውታል፣ አልጠየቁትም። በየረድፉ ሁለቱን ፊት ጣለ። አምስተኛው ረድፍ ላይ ጋሼን ጠራቸውና «ዓይኔ ወደ ዳገቱ ዘሟል ይለኛል» አላቸው። «ቱንቢውስ?» «ቱንቢው ነካ አድርጎ ቆሟል።» «እንግዲያው ስድስተኛውን ቀጥል» አሉት፣ ሻያቸውን ሳያስቀምጡ።

ያ ልጅ ዛሬ ራሱ ግንበኛ ነው፣ የራሱ ረዳት አለው። ካልሲውን ከማን እንዳገኘ አላውቅም፣ ግን እሱም በካልሲ ጠቅልሎ እንደሚይዝ የሰፈር ሰው ነግሮኛል።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። ጋሼ ከጣሳና ከድንጋይ የሠሩት ያ ነገር ለእኛ ለርቀት ሰዎች የተመቸ ነው። ፎቶ ግድግዳን ቀጥ አድርጎ የሚያሳየው ስልኩን የያዘው ሰው እጁን ስለሚያዘም ነው፤ ሳያውቅም ሊሆን ይችላል። ስልክ ሲዘም ግን ግድግዳውም ሲባጎውም አብረው ይዘማሉ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይጠፋም። ስለዚህ ባዶ ግድግዳ አንስታችሁ ላኩልኝ አትበሉ። ሲባጎ ተንጠልጥሎበት፣ ሜትር ተይዞበት፣ ቪዲዮ ይደረግልኝ በሉ።

እንዲህ ነው የምታዙት። ከግድግዳው አናት ላይ እንጨት ብቅ ይበል፣ ከጫፉ ሲባጎ ይውረድ፣ ታቹ ላይ ድንጋይ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ይታሰር፣ ድንጋዩ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይንጠልጠል። ሲባጎው የትም ቦታ ግድግዳውን አይንካ። ከዚያ ስልኩ ሜትሩን አስጠግቶ ያሳያችሁ፤ መጀመሪያ ላይ፣ ቀጥሎ ታች። ሁለቱ ቁጥር እኩል ከሆነ ግድግዳው ቀጥ ብሏል። የታችኛው ከበለጠ አናቱ ወደ ውጭ ዘሟል፣ የላይኛው ከበለጠ ወደ ውስጥ። ጥቂት ሚሊ ልዩነት ብሎኬቱ ራሱ ሸካራ ስለሆነ ያለ ነው። በአንድ ፎቅ ቁመት ከአንድ ሳንቲም ካለፈ ግን ዝም አትበሉ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለቱም ፊት ይለካ። ጊዜው ደግሞ ከልስን በፊት ነው፣ ቢቻል ግድግዳው ወገብ ላይ ሲደርስ፤ ያኔ ከሆነ የሚፈርሰው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ቱንቢ የሚነግራችሁ ግድግዳው ዛሬ ቀጥ ማለቱን ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው መሠረት ጥልቀቱ ይበቃል ወይ፣ አፈሩ ይይዛል ወይ፣ ቡኮው ውስጥ ሲሚንቶ ተቆጥቦበታል ወይ፣ ይህን አያውቅም። ዛሬ ቀጥ ብሎ የተለካ ግድግዳ ከክረምት በኋላ ሲለካ ከዘመመ ግንበኛውን አትቆጡ፤ መሬቱ ነው የተንቀሳቀሰው፣ ያ ሌላ ችግር ነው፣ በቶሎ መሐንዲስ ይየው። ለዚህም ነው የመጀመሪያውን ቪዲዮ ማጥፋት የሌለባችሁ። ስልካችሁ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ወንድማችሁ ወይም ግንበኛው «ምነው አላመንሽኝም?» ካላችሁ ክርክር አታብዙ። ጋሼም አልተከራከሩም። ሁለት ቁጥር ብቻ ጠይቁ፦ ላይ ስንት? ታች ስንት?